ፊልሙ ከገጽ አራት ይጀምራል

«ሰላም ለአዘጋጇ። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቀን የሰው ማመልከቻ ስጽፍ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ የራሴን የፊልም ስክሪፕት እጽፋለሁ። በአማርኛ 94 ገጽ ሆኖ አልቋል። ታሪኩ ከባቡር ጥገና ጡረታ ስለወጣ አባትና የድሮ ባቡር ደወሉን ሳያውቅ ስለሸጠችበት ልጁ ነው። አሁን ለአንድ የውጭ አገር የስክሪፕት ጸሐፊዎች ፌሎሺፕ ላመለክት ነው። የሚጠይቁት የአንድ ገጽ ደብዳቤ፣ የአንድ ገጽ ሲኖፕሲስና የስክሪፕቱን የመጀመሪያ 10 ገጾች ነው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። የፊልም ትምህርት የለኝም፤ የተሠራልኝ ፊልምም የለም። ደብዳቤው ላይ ምን ልበል? ምርጡ ትዕይንቴ ያለው ገጽ 41 ላይ ነው፤ እሱን ብልክ አይሻልም? ደግሞስ ገጸ ባሕርያቴ እንደ ሰፈራችን ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ነው የሚያወሩት፤ በእንግሊዝኛ ምን ይሆናሉ? የጻፍኩትን ሁሉ አያይዣለሁ። ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ። ምን ይመክሩኛል?
የደወሉ ልጅ፣ ከድሬዳዋ»

የደወሉ ልጅ፣ «ይመክሩኛል» ያልሽኝን ይቅር ብዬሻለሁ። እኔም ያደግሁት ድሬ ነው፤ በ«አንቺ» ነው የምጽፍልሽ። እዚያ ከተማ ሰው በድንገት በ«እርስዎ» ሲጠራሽ ወይ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ነው ወይ ተቀይሞሻል። ይህችን ነገር ያዢልኝ፤ ስክሪፕትሽ ውስጥ ስላለች በኋላ እመለስባታለሁ።

ከደብዳቤው ልጀምር። ያያያዝሽው ረቂቅ ከላይ «ጉዳዩ፡- የፌሎሺፕ ዕድል እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ይላል፤ ከታች «ለሚደረግልኝ ትብብር ሁሉ በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ይላል። መሐሉ ላይ «እኔ አመልካች ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ሳነበው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ በክፋት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ የሚጽፍ እጅ ማታ ሌላ ነገር ጻፍ ሲሉት እሺ አይልም። ነገር ግን የእኛ ማመልከቻ የሚጻፈው ፋይልሽን ከመደርደሪያ ለሚያወርድ ኃላፊ ነው። እሱ ማን እንደሆንሽ ከፋይሉ ያውቃል፤ ከአንቺ የሚፈልገው ጉዳዩንና ትሕትናውን ብቻ ነው። የፌሎሺፕ ደብዳቤ የሚደርሰው ግን ፋይልሽ በሌለው፣ በዚያው ቀን የሌሎች ብዙ ሰዎችን ጽሑፍ በሚያነብ ሰው እጅ ነው።

እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ምርጫ ላይ አንባቢ ሆኜ ተቀምጫለሁ። አነባበቤ ይህን ይመስል ነበር። ደብዳቤውን ከፍቼ የመጀመሪያውን አንቀጽ አነባለሁ። ከዚያ ወደ ስክሪፕቱ ገጾች እሄዳለሁ። ገጾቹን ስጨርስ ወደ ደብዳቤው እመለስና በሙሉ አነበዋለሁ፤ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ደብዳቤ የጻፈው ሰውና እነዚያን ገጾች የጻፈው ሰው አንድ ሰው ናቸው ወይ? ብዙ ጊዜ አይደሉም። ገጾቹ ላይ ቁጥብና ንቁ የነበረ ጸሐፊ ደብዳቤው ላይ ሲደርስ ክራቫት አስሮ ንግግር የሚያደርግ ሰው ይሆናል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ደብዳቤው «የማኅበረሰባችንን ዝምታ የሚሰብር» ፊልም ቃል ይገባል፣ ገጾቹ ላይ ግን ማንም ዝም አይልም፤ ሁሉም ያወራል። ስለዚህ ደብዳቤሽ ላይ ገጾችሽ የማይመሰክሩለትን ነገር አታስቀምጪ።

አሁን ከረቂቁ የሚወጣውን ልንገርሽ። «ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች» የሚለው ሙሉ አንቀጽ ይውጣ። ታሪኩ ልክ ነው፤ ግን አንባቢው ከተማዋን ሊጎበኝ አልተቀመጠም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለፊልም ጥበብ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» የሚለውም ይውጣ፤ አመልካቹ ሁሉ እንዲህ ይላል፣ የማይወድ ሰው ደግሞ አያመለክትም። «ምንም እንኳ የፊልም ትምህርት ባይኖረኝም» የሚለው ይቅርታ ፈጽሞ አይግባ። ያልተጠየቅሽውን ጉድለት ራስሽ አንሥተሽ ራስሽ ትከሰሻለሽ።

የሚቀረው ደግሞ ከመጨረሻው በፊት ባለው አንቀጽ ውስጥ እንደ ዋዛ የጣልሽው ነው፦ ሰዎች የደረሰባቸውን በደል በቃል ሲነግሩሽ አንቺ ለመሥሪያ ቤት በሚሆን ቋንቋ እንደምትጽፊው። ልጄ፣ የፊልም ትምህርት የለኝም ትያለሽ! አንድ ሰው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚናገረውና ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው እንዴት እንደሚለያዩ በየቀኑ የሚያይ ሰው በገጸ ባሕርይ ንግግር ላይ ምን ያህል እንደሚቀድም አስቢው። ያ ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ይምጣ።

ሦስተኛው ነገር ረቂቁ ውስጥ ጭራሽ የለም። ፌሎሺፕ ሽልማት አይደለም። የሚሰጥሽ ጊዜ ነው፤ ከጊዜው ጋር ደግሞ ረቂቅሽን አብሮሽ የሚያነብ ልምድ ያለው ጸሐፊ። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ምን እንደምትሠሪበት ማወቅ ይፈልጋሉ። አንቺ «እውቀቴን ለማዳበር» ብለሻል፤ ይህ ለማንም ይሆናል። ሲኖፕሲስሽን ሳነብ ግን ችግሩ ፊት ለፊት ይታየኛል፦ ከገጽ 55 እስከ 80 ልጅቷ ደወሉን ለመመለስ ስትዞር አባትየው ከታሪኩ ይጠፋል። ፊልሙን የተሸከመው የእሱ ዝምታ ነው፤ እሱ ከሌለ ዝምታውም የለም። ይህንን አንቺም እንደምታውቂው እገምታለሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ትዕይንቶችሽ እያጠሩና እየተቻኮሉ ነው የሚሄዱት፣ ጸሐፊ ደስ ያላለው ቦታ ላይ እንደዚያ ይሮጣል። ችግሩን በስሙ ጥሪው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምትናገሪው ችግር ከምትልኪያቸው 10 ገጾች ውስጥ ያለ መሆን የለበትም። እዚያ ያለውን ችግር ካወቅሽ ሦስት ሳምንት አለሽ፣ አስተካክይው።

ሦስቱን አንድ ላይ ሳደርጋቸው ደብዳቤሽ እንደዚህ ያለ ነገር ይሆናል። በራስሽ ቃል ቀይሪው እንጂ እንዳለ አትገልብጪው።

«የተከበራችሁ የምርጫ ኮሚቴ አባላት፣

የማቀርብላችሁ ስክሪፕት የሙሉ ርዝመት ድራማ ነው። ከባቡር ጥገና ጡረታ የወጣ አባት በየማለዳው የሚደውለውን የነሐስ ደወል ልጁ በስውር ለብረት ነጋዴ ትሸጥበታለች። አባትየው ደወሉ የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም። ፊልሙ ልጅቷ ከዚያ ዝምታ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ስትኖር ያሳያል።

ድሬዳዋ ውስጥ በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ደንበኞቼ በደላቸውን በቃል ይነግሩኛል፤ እኔ መሥሪያ ቤት በሚቀበለው ቋንቋ እጽፍላቸዋለሁ። ከተነገረኝ ውስጥ ወረቀቱ ላይ የማይገባው ይበልጣል። ይህንን ስክሪፕት የጻፍኩት ከዚያ ከማይገባው ነው።

እጄ ላይ ያለው ሦስተኛው ረቂቅ ነው። ከገጽ 55 እስከ 80 ልጅቷ ደወሉን ፍለጋ ስትወጣ አባትየው ከታሪኩ ይርቃል። እሱ በሌለበት ትዕይንት ውስጥ ዝምታው እንዴት እንደሚሰማ እስካሁን አላገኘሁም። በፌሎሺፑ ወራት ልሠራው የምፈልገው ይህንን ነው።

ስክሪፕቱ የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም የራሴ ነው።»

ከዚህ በታች ስምሽና አድራሻሽ። በእንግሊዝኛ ሲሆንም ከአንድ ገጽ በደንብ ያንሳል፤ የተረፈውን ነጭ ቦታ አትሙይው። ሦስተኛ ረቂቅ ካልሆነ ሦስተኛ አትበይ። ደግሞ ይህንን ደብዳቤ ለሌላ ፌሎሺፕ ስትልኪው ከላይ ያለውን ስም መቀየርሽን ሁለት ጊዜ አረጋግጪ። እኔ አንድ ጊዜ የአንዱን ስም ይዤ ለሌላው ልኬያለሁ፤ መልስ አልመጣም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

ገጽ 41ን አትላኪ። ማስታወቂያው የመጀመሪያ 10 ገጾች ብሏል፤ ሌላ ብትልኪ አንዳንዱ ሳያነብ ይጥለዋል፣ ሌላው ደግሞ መመሪያ ማንበብ የማትችል ጸሐፊ ብሎ ይመዘግብሻል። ከሁሉ በላይ ግን የልጅቷ ኑዛዜ ገጽ 41 ላይ የሚያስለቅሰው ከፊቱ 40 ገጽ ስላለ ነው። ብቻውን አውጥተሽ ስታሳዪው አንዲት ሴት አንድ ሽማግሌ ፊት ታለቅሳለች፣ በቃ። የመጀመሪያ ገጾችን የሚጠይቁትም በምክንያት ነው፤ የማያውቀውን ሰው ምንም ሳታስረጂው ወደ ታሪክሽ ማስገባት መቻልሽን የሚያዩት እዚያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የማይልሽን ነገር ልናገር። የአንቺ ፊልም የሚጀምረው ገጽ 4 ላይ ነው። ከገጽ 1 እስከ 3 ያለው ፀሐይ ስትወጣ፣ ግመሎች ሲያልፉ፣ ከፊራ ገበያ ሲከፈት፣ የደቻቱ አሸዋ፣ ባዶው ሐዲድ፣ አዛንና የቤተ ክርስቲያን ደወል ተከታትለው። የመጀመሪያው መስመር «ፀሐይ በበረሃዋ ንግሥት ላይ ፈገግ ትላለች» ይላል። ቆንጆ ነው፤ የቱሪዝም ቢሮ ቢያየው ይገዛዋል። ግን በሦስት ገጽ ውስጥ አንድም ሰው አንድም ነገር አልፈለገም። በተለመደው ስሌት አንድ የስክሪፕት ገጽ የአንድ ደቂቃ ያህል ፊልም ነው፤ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ካርድ ፖስታ አሳየሽኝ። ካሉሽ አሥር ገጾች ውስጥ ሦስቱ ሄዱ ማለት ነው።

ገጽ 4 ላይ አባትየው ይወጣል፤ ከዚያ ጀምሪ። ከራስሽ ቁሳቁስ ብቻ ወስጄ የመጀመሪያውን ገጽ እንዲህ አሳጥሬዋለሁ፦

ውጪ። የአባት ግቢ። ንጋት።

የነሐስ ደወል ከበረንዳው ማገር በሽቦ ተንጠልጥሏል።

አባት (68) በሽርጥ፣ ባዶ እግሩን ይወጣል። ከመስኮቱ ደፍ ላይ ወፍራም ብሎን ያነሣል። ደወሉን ሦስት ጊዜ ይመታል። ብሎኑን ወደ ቦታው ይመልሳል።

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ሬዲዮ ይከፈታል።

ውስጥ። ሳሎን። በዚያው ቅጽበት።

ልጅ (32) በመጋረጃው ቀዳዳ ደወሉን ታያለች። ስልክ ጆሮዋ ላይ ነው።

ልጅ
(በሹክሹክታ)
ስንት ኪሎ የሚመጣ ይመስልሃል?

ልብ በይ፤ «አባት ባቡሩን ይናፍቃል» የሚል መስመር የለም፣ «ልጅ በገንዘብ ችግር ተወጥራለች» የሚልም የለም። በአንቺ ረቂቅ ሁለቱም ነበሩ። ናፍቆትን ካሜራ አያነሣም፤ ብሎኑን ወደ ቦታው የሚመልስ እጅ ግን ያነሣል። የጎረቤቱ ሬዲዮም ለጌጥ አልገባም። ሰፈሩ በዚያ ደወል ሰዓቱን እንደሚያውቅ ይነግረናል፤ በኋላም ያገለግለናል። የስልኩ ጥያቄ ደግሞ አባቱ የሚደውለውን ነገር ልጅቷ በኪሎ እንደምትመዝነው በአንድ መስመር ያሳያል። ያ መስመር የራስሽ ነው፤ ገጽ 6 ላይ ቀብረሽው ነበር።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ደወሉ የጠፋበት ማለዳ በአንቺ ረቂቅ ገጽ 12 ላይ ነው። አባትየው ብሎኑን አንሥቶ ቀና ሲል ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሎ ያገኛል። የምትልኪው ናሙና ግን ገጽ 10 ላይ ስለሚቆረጥ አንባቢው ዛሬ የሚያየው የመጨረሻ ነገር ልጅቷ ባጃጅ ስትሳፈር ነው። ሦስቱን የፀሐይ መውጫ ገጾች ስታወጪ የጠፋው ደወል ገጽ 9 ላይ ይመጣል። ደረሰ ብለሽ ግን አትደሰቺ፤ ትርጉሙ ይቀራል። አማርኛ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን እንግሊዝኛ ይበታትነዋል። «አልነገርኩትም» የምትለው አንድ ቃልሽ እንግሊዝኛ ላይ ባለቤቱን፣ አሉታውን፣ ግሡንና ተሳቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ አራት ቃል ትሆናለች። የንግግር ዓምድ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ አንድ መስመር የነበረው ሁለት መስመር ይሆናል። እኔ ስተረጉም ዘጠኝ የአማርኛ ገጽ አሥራ አንድ አካባቢ ይደርስብኛል፤ አንቺም እንደዚያ ብለሽ አስቢ። ስለዚህ አንድ ገጽ ከምናምን ተጨማሪ መውጣት አለበት። የሚወጣውም ገጽ 7 ላይ ያለው የቡና ትዕይንት ነው። ሦስቱ ጎረቤቶች እዚያ ተቀምጠው አባትየው ባቡር ላይ ስንት ዓመት እንደሠራ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ሦስቱም የሚያውቁትን ነገር። ሰው ሁለቱም የሚያውቁትን ለሌላው የሚያስረዳው ተመልካች እንዲሰማ ብቻ ነው፤ ልምድ ያለው አንባቢ እዚያ ላይ ሲደርስ እርሳሱን ያስቀምጣል።

ይህ ከሆነ ገጽ 10 ታች ላይ የሚቀረው ይህ ነው፦ አባት ብሎኑን እንደያዘ ሽቦውን ያያል። ወደ ቤት ይመለሳል። ከአጥሩ ማዶ ሬዲዮው አይከፈትም። እዚያ ላይ የተቆረጠ ናሙና 11ኛውን ገጽ ያስጠይቃል። ቦታ ጠበበ ብለሽ ግን የፊደሉን መጠን ወይም ኅዳጉን አታሳንሺ። እንግሊዝኛው ኩሪየር በሚባለው ፊደል በ12 መጠን፣ ከግራ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከሌላው በኩል 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ይጻፋል። ገጽ ለደቂቃ የሚለው ስሌት የተመሠረተው በዚያ ነው። ስክሪፕት ሲያነብ የኖረ ሰው የተጨመቀ ገጽን ሳያነበው ከሩቁ ያውቀዋል። በአማርኛው ረቂቅሽ ላይ ይህ ስሌት በትክክል እንደማይሠራም እወቂ፤ ኩሪየር የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ኮምፒውተርሽ በሌላ ፊደል ነው የሚተካልሽ፣ 94 ገጽሽም 94 ደቂቃ ላይሆን ይችላል።

ትርጉሙን ራስሽ ሥሪው። ጎረቤትሽ ያለው ሕጋዊ ተርጓሚ የልደት ምስክር ወረቀት ሲተረጉም የሚስተካከለው የለም፤ ስክሪፕትሽን ብትሰጪው ግን ብረት ነጋዴሽ እንደ ፍርድ ቤት ይናገራል። የእንግሊዝኛ መምህርም ሰዋስው ሊያርምልሽ ይችላል፣ ነገር ግን ያልተሟላውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ይሞላዋል። ሰው ሲናገር ዐረፍተ ነገሩን አይጨርስም፤ ያልተጨረሱትን አስምሪባቸውና እንዳይነኩ ንገሪው።

የሦስቱን ቋንቋዎች ጉዳይ ቀለል አድርገሽ ያዢው። ፊልሙ በዋናነት በአማርኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ንግግር ሁሉ አማርኛ እንደሆነ የመጀመሪያው ትዕይንት ከመጀመሩ በፊት በአንድ መስመር ግለጪ። ሌላ ቋንቋ ሲመጣ ከተናጋሪው ስም ሥር በቅንፍ «በሶማሊኛ» ወይም «በኦሮምኛ» ብለሽ ንግግሩን በእንግሊዝኛው አስቀምጪ። ይህንን ግን ለእያንዳንዱ ሰላምታ አታድርጊው። አንቺ ረቂቅ ላይ በአንድ ገጽ ዘጠኝ ጊዜ አድርገሽዋል፤ የድሬ ሰው እውነት ነው ይላል፣ ሌላው ግን ቅንፍ ሲቆጥር ታሪኩ ያመልጠዋል። ቋንቋው ሲቀየር አንድ ነገር የሚለወጥበት ቦታ ላይ ብቻ ምልክት አድርጊ። እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ አለሽ፤ ነጋዴው ልጅቷ አትሰማኝም ብሎ ለረዳቱ ትክክለኛውን ዋጋ በሶማሊኛ ይነግረዋል፣ እሷም በሶማሊኛ ትመልስለታለች። እዚያ ላይ ቅንፉ ዋጋውን ይቀይራል። ሌላውን ቅልቅል ፊልሙ ሲሠራ ተዋንያኑ ራሳቸው ያመጡታል።

አሁን ወደ «እርስዎ» ልመለስ። ገጽ 9 ላይ ልጅቷ ገንዘብ ትጠይቀዋለች፣ እሱ አይመልስላትም። እስከዚያ ድረስ አባቷን «አንተ» ስትለው ቆይታ ድንገት «ሻይዎን ይጠጡ» ትለዋለች። እኔ እዚያ ላይ ደነገጥኩ። በጥፊ ብትመታው እንኳ ያን ያህል አይሆንም፤ በአንድ ቃል ከልጅነት ወጥታ ባዕድ ሆነች። በእንግሊዝኛ ግን «አንተ» እና «እርስዎ» አንድ ቃል ናቸው። የተረጎምሽውን አየሁት፤ አንዲት ሴት አባቷን ሻይ ጠጣ ትላለች፣ እንዲያውም ደግ ልጅ ትመስላለች። ትዕይንቱ ተገለበጠ። የግርጌ ማስታወሻ ልታስገቢ አስበሽ ነበር፤ ፊልም የግርጌ ማስታወሻ የለውም፣ ስክሪፕትም ላይ አይሠራም።

ቃሉ የሠራውን ሥራ ለድርጊት ስጪው። ቀደም ብሎ፣ በመጀመሪያው ሻይ ላይ፣ ልጅቷ ከአባቷ ብርጭቆ ፉት ብላ ስታቀብለው አሳዪን፤ ሁለት መስመር ይበቃል። ገጽ 9 ላይ ደግሞ ለእንግዳ የሚወጣውን ትሪ ታወርዳለች። የእሱን ሻይ ብቻ በትሪው ላይ፣ በሁለት እጇ ጎንበስ ብላ ታቀርባለች። የራሷን ይዛ በረንዳ ላይ ትወጣለች። «ሻይዎን ይጠጡ» የሚለው በአማርኛው ይቆይ፤ በእንግሊዝኛው ግን ምንም ባትናገርም ይሆናል። እኔ ብሆን ዝም አሰኛት ነበር። አባትየው ትሪውን ያየዋል፣ ያን ጊዜ የየትኛውም አገር አንባቢ አንድ ነገር እንደተሰበረ ያውቃል። ከገጾችሽ ውስጥ እንዲህ በአማርኛ ቃል ብቻ የቆመ ሌላ ቦታ ካለ ለማወቅ ትርጉሙን አማርኛ ለማያነብ ሰው ሰጥተሽ «እዚህ ላይ ምን ሆነ?» ብለሽ ጠይቂ። «ወደድከው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ይወደዋል፣ ምንም አትማሪበትም።

ሲኖፕሲሱ ላይ ብዙ አልናገርም። «ደወሉ ይገኝ ይሆን? መልሱን በፊልሙ ያገኙታል» የሚለውን መጨረሻ አውጪና ደወሉ የት እንደተገኘና አባትየው ምን እንዳደረገ ጻፊ። አንባቢው ትኬት ገዢ አይደለም፤ ታሪኩን መጨረስ መቻልሽን ነው የሚፈልገው። መጨረሻሽ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ለምን እንደደበቅሽው አልገባኝም።

የመላኪያው ነገር የአንቺ ሙያ ስለሆነ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ማስታወቂያው የመጨረሻውን ሰዓት በአሜሪካ ፓስፊክ አቆጣጠር ሌሊት 11:59 ካለ እኛ ጋ በማግሥቱ ጠዋት ነው፤ እንደ ወቅቱ በእኛ ሰዓት ለ4 ወይም ለ5 አንድ ደቂቃ ሲቀረው። አንቺ ግን መብራትና ኔትወርክ ባለበት፣ ሁለት ቀን ቀድመሽ ላኪ። ሁለተኛው፣ ገጾቹ ያለ ጸሐፊ ስም ይነበባሉ የሚል ካለ ከሽፋኑ ላይ ስምሽን ማውጣት አይበቃም። ፋይሉን ፒዲኤፍ ካደረግሽ በኋላ የፋይሉን መግለጫ ክፈቺና የጸሐፊ ስም የሚለውን ቦታ እዪ። የአንቺን አየሁት፤ የተቀጠርሽበት ጽሕፈት ቤት ስም ከነስልክ ቁጥሩ ተቀምጧል።